የማህተሙ መሳቢያ

እውነቱን የተናገርኩት በተሳሳተ ቦታ ነው፤ ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ አንድ ሕፃን ሞተ።

ቦታው የሩብ ዓመቱ ግምገማ ነበር፣ ዓርብ ኅዳር 12። የጤና ጣቢያው ሠራተኞች አሥራ ስምንታችንም የክትባት አዳራሹ ውስጥ ተደርድረን ተቀምጠናል። ወጉ ይታወቃል፤ አንዱ ይነሣና የኃላፊውን ጠንካራ ጎን ይቆጥራል፣ ከዚያ ደካማ ጎን ሲባል «ለእኛ ሲሉ ራሳቸውን መጉዳታቸው» ይባልና ይሣቃል፣ ቃለ ጉባኤ ተይዞ ወደ ወረዳ ይላካል። እኔ ተራዬ ሲደርስ ተነሣሁና ኃላፊያችንን አቶ የኋላሸትን ፊት ለፊት እያየሁ «እርስዎ ሁልጊዜ ሁሉንም ነገር ካልጨበጡ እንቅልፍ አይወስድዎትም። አምባገነን ነዎት» አልኩ።

ማንም አልሣቀም። ጸሐፊው «አምባገነን» የሚለውን ቃል ሲጽፍ የብዕሩ ድምፅ ተሰማኝ።

የተናደድኩት በማህተሙ ነው። ጤና ጣቢያችን ከመካነ ሰላም በመኪና የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ ከአቅማችን በላይ የሆነች ወላድ ስትመጣ የሪፈር ወረቀት ጽፌ በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል መላክ አለብኝ። አቶ የኋላሸት ግን ማህተማቸው ያላረፈበት ወረቀት ይዞ አምቡላንሱ ከግቢ እንዳይወጣ ከልክለዋል። ማህተሙ ቢሯቸው መሳቢያ ውስጥ ይቆለፋል፤ ቁልፉ ኪሳቸው ውስጥ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ከሳምንቱ ግማሹን ስብሰባ ላይ ናቸው። ደሴ የሚባለው ሾፌራችን መስከረም ላይ አንዴ ያለማህተም ወጥቶ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተጽፎለታል።

ማክሰኞ ኅዳር 23 ብርሀንነሽ የምትባል ወላድ መጣች። የመጀመሪያ ልጇ ነው። ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ ምጧ ቆመ፤ የምጥ መከታተያው ቅጽ ላይ መስመሩ ማለፍ የሌለበትን አልፏል፣ የፅንሱ የልብ ምት እየወረደ ነው። ወረቀቱን ጻፍኩ። አቶ የኋላሸት መካነ ሰላም ሄደዋል። ስልክ ደወልኩ፤ ኔትወርክ የለም። ደሴ መሪውን ይዞ «ሦስት ልጆች አሉኝ» አለኝ። እኔ ጮህኩበት። የብርሀንነሽ አማት ከማዋለጃው በር ላይ ቆመው «ማህተሙ ተገኘ ወይ?» ይላሉ፤ ማህተም መድኃኒት መስሏቸው ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ ደሴ ማንንም ሳያይ ሞተሩን አስነሣ፤ «ያባርሩኝ» አለ። ሆስፒታሉ ብርሀንነሽን አትርፏታል። ሕፃኑ ግን ሲወጣ ሞቶ ነበር።

በማግስቱ ደብዳቤ ለመጻፍ ተቀመጥኩ። በግምገማው ላይ ከተናገርኩት የባሰ ነበር። ሲስተር ሀጀራ ከትከሻዬ በላይ አነበበችው። ሀያ ሁለት ዓመት ነርስ ሆና የሠራች ሴት ናት፤ አራት ኃላፊዎችን ሸኝታለች።

«ለማን ነው?» አለች።

«ለዞን።»

«የትሜ፣ ምን ትፈልጊያለሽ? ሰውዬው እንዲወርዱ ነው ወይስ አምቡላንሱ እንዲወጣ?»

«ሁለቱንም።»

«ሁለት ጥንቸል ያባረረ አንዱንም አይዝም። አንዱን ምረጪ።»

«አምቡላንሱ» አልኩ፣ ብዕሩን አስቀምጬ።

«እንግዲያው የሰውዬውን ጠባይ ተይና የማክሰኞን ነገር ለራሳቸው ንገሪያቸው» አለች። «አምባገነን ነዎት ካልሻቸው፣ አይደለሁም ብለው ሲከራከሩሽ ይውላሉ። በአምስት ሰዓት ወረቀቱን ጻፍኩ፣ በስምንት ሰዓት መኪናው ወጣ ካልሻቸው ግን በምን ይከራከሩሻል? ሰዓት ነው። ‹ሁልጊዜ› የምትለዋን ቃል ደግሞ ጣያት። አንድ ቀን እንኳ በሰዓቱ ከፈረሙ ቃልሽ ውሸት ሆነ።»

«ታዲያ ላሞግሳቸው?»

«ማን አሞግሺ አለሽ? እሳቸውም የሚፈሩት ነገር አለ። አምና አምቡላንሱ የሰርግ አጃቢ ጭኖ መንገድ ላይ ሲያዝ ማን ተጠየቀ? እሳቸው። ማህተሙን የቆለፉት ከዚያ ወዲህ ነው። ፍርሀታቸውን የማይነካ ነገር ይዘሽ ግቢ። ብቻሽን። በሩን ዝጊ፤ ተራ ጠባቂው ሁሉ እየሰማ ማንም ሰው ተሳስቻለሁ አይልም። አብሽሪ፣ አይበሉሽም።»

ደብዳቤውን ቀደድኩት። በፋንታው ቀናቱን፣ ሰዓታቱንና የምጠይቀውን የያዘ አንድ ገጽ ጻፍኩ። አራት ጊዜ ነው የጻፍኩት፤ ሦስቱ ላይ ስድብ ሾልኮ ገብቶ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት «ስለ ሪፈር አሠራር ሀሳብ አለኝ፤ ሲመችዎት ሀያ ደቂቃ ይሰጡኛል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ገረመሙኝ። «ግምገማው አልበቃሽም?» አሉ። ከዚያ ደግሞ «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነይ» አሉኝ።

የቢሯቸው በር እርጥበት አጣሞታል፤ ሲዘጋ እጀታውን ወደ ላይ ማንሣትና መግፋት ይፈልጋል። ዘጋሁት። አቶ የኋላሸት ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ተቀምጠዋል።

ገጹን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬ «ማህተሙን የቆለፉበት ምክንያት ይገባኛል» ብዬ ጀመርኩ። «መኪናው አምና ያለቦታው ሲገኝ የተጠየቁት እርስዎ ነዎት። እንደዚያ ያለ ነገር እንዲደገም እኔም አልፈልግም። ግን ቁጥጥሩ አሁን ወላዶችን እያዘገየ ነው። ሦስት ቀን ልንገርዎት።»

«ንገሪኝ።»

«ጥቅምት 12፣ ደም የሚፈሳት እናት። እርስዎ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ወረቀቱ ከተጻፈ እስኪታተም አርባ ደቂቃ። ተርፋለች። ኅዳር 3፣ የሚያንቀጠቅጠው ሕፃን። አንድ ሰዓት ጠበቅን፤ አባትየው ተስፋ ቆርጦ በሞተር ይዞት ሄደ። ኅዳር 23፣ ብርሀንነሽ። ከአምስት ሰዓት እስከ ስምንት። ልጁ ሞተ።»

ጠረጴዛውን ይመታ የነበረው ጣታቸው ቆመ።

«ማክሰኞ የት እንደነበርኩ ታውቂያለሽ?» አሉ።

«ስብሰባ።»

«ስብሰባ አይደለም። ወረዳ ጠርተውኝ ነው። ቃለ ጉባኤውን ከፊቴ አስቀምጠው፣ ሠራተኞችህ አምባገነን የሚሉህ ለምንድን ነው ብለው ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲያስለፈልፉኝ ዋሉ። ቁልፉ እዚህ ኪሴ ውስጥ ነበር።» ካፖርታቸውን በእጃቸው መታ አደረጉ። «ይሄንንስ ጽፈሽዋል?»

አልጻፍኩትም። አላወቅኩም ነበር። አፌ ላይ የመጣው «ታዲያ ቁልፉን ለምን ትተው አልሄዱም?» የሚል ነው፤ እውነትም ነው፤ ግን ያን ብናገር ግምገማው ተመልሶ ይመጣል። ብርሀንነሽ ባዶ እጇን ወደ ቤቷ ስትመለስ ታየችኝ። ዋጥኩት።

«እንግዲያው ይጻፍ» አልኩ። ገጹን ወደ ራሴ ስቤ ከታች በእጄ ጻፍኩ፤ እየጻፍኩም ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «ኅዳር 12 ቀን ይህን ጉዳይ አስቀድሜ ለኃላፊው በግል ሳልነግር፣ ያለ ማስረጃ፣ በስድብ መልክ በግምገማ አቅርቤያለሁ። ኃላፊው ኅዳር 23 ቀን ያልነበሩት ለዚሁ መልስ ሊሰጡ ተጠርተው ነው። የትምወርቅ።» ፈረምኩበት።

ጎንበስ ብለው ፊርማዬን አዩት።

«የምትፈልጊው ምንድን ነው?» አሉ በመጨረሻ። ድምፃቸው ደክሟል።

«ለአንድ ወር ሙከራ ነው። እርስዎ ከግቢ ሲወጡ ቁልፉ ማዋለጃ ክፍል ለተረኛው ይሰጥ። ተረኛው ወረቀቱን ያትማል፤ ሰዓቱን፣ የሕሙሙን ስምና ምክንያቱን መዝገብ ላይ አስፍሮ ይፈርማል። እርስዎ በማግስቱ ጠዋት መዝገቡን ያያሉ። ያለቦታው የታተመ ካለ ተጠያቂው የፈረመው ነው፤ እርስዎ አይደሉም። ከወር በኋላ ካልሠራ ቁልፉን ይመልሳሉ።»

«ተረኛው ሲሳሳትስ?»

«ስሙ አለ፣ ሰዓቱ አለ። አሁን ግን ስንዘገይ የሚገኘው የእርስዎ ስም ብቻ ነው።»

ይህን ሲሰሙ ነው ገጹን ያነሡት። እንደገና ከላይ ጀምረው አነበቡ። ከዚያ ብዕራቸውን ሦስተኛው መስመር ላይ አሳረፉ።

«ኅዳር 23ን አውጪው። ሌላውን እፈርማለሁ።»

«አይወጣም።»

«ይህ ወረቀት ፋይል ውስጥ ይገባል፣ የትምወርቅ። ነገ ማንም አንሥቶ ያነበዋል።»

«የወላዶች መዝገብ ላይም አለ፤ ሰዓቱ ሁሉ። እሱን ካወጣነው የቀረው የወረቀት ጭቅጭቅ ይሆናል፤ ቀጣዩ ኃላፊ መጥቶ መልሶ ይቆልፈዋል። የእኔ ጥፋት እላዩ ላይ አለ። የእርስዎም ይኑር።»

ውጭ አንድ ሰው በር አንኳኳ። «ቆይ» አሉ ሳያዩ። መነጽራቸውን አውልቀው አይናቸውን አሹ። ሃምሳ አምስት ዓመታቸው ነው፤ ያን ዕለት የሰባ ሰው መሰሉኝ። አላዘንኩላቸውም። ግን አምባገነን የሚለው ቃል እዚያ ፊት ላይ የሚቀመጥበት ቦታ አላገኘሁለትም።

«እፈርማለሁ» አሉ። «አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። በሰው ፊት ካዋረደኝ ሰው ጋር በየጠዋቱ እንዴት አደርሽ መባባል አልችልም። አቅሙ የለኝም። የጥር ዝውውር ሲከፈት ትጠይቂያለሽ፤ እኔ አልከለክልሽም።»

«ወዴት?»

«ወዴትም። አቀስታም አለ፣ አጅባርም አለ።»

እናቴ የምትኖረው ከጤና ጣቢያው የግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ ላይ ነው። ይህን ያውቃሉ። ስኳር ይዟታል፤ መርፌዋን የምወጋት እኔ ነኝ። ይህንንም ያውቃሉ።

«አሁን ይፈርሙ» አልኩ።

ፈረሙ። መሳቢያውን ከፍተው ማህተሙን አወጡ፣ ፊርማቸው ላይ አሳረፉ፣ ከዚያ ቁልፉን ከቀለበቱ ለማላቀቅ ታገሉ። ጥፍራቸው አጭር ነበር። ቀለበቱን ወስጄ እኔ አላቀቅኩት።

«ነገ ጠዋት መዝገቡን አመጣለሁ» አልኩ።

«በሁለት ሰዓት» አሉ። «ሳይዘገይ።»

ተነሣሁ። መተላለፊያው ላይ ደሴ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ የስንብት ደብዳቤ ሊቀበል የተጠራ ሰው መልክ አለው። ቁልፉን አሳየሁት። አልሣቀም። «ለብርሀንነሽ ዘገየ» አለ።

ወደ ኋላ ዞርኩ። አቶ የኋላሸት ባዶውን ቀለበት ይዘው ጠረጴዛውን እያዩ ነበር። እጀታውን ወደ ላይ አንሥቼ፣ ገፋ አድርጌ፣ በሩን ዘጋሁት።