እምቢ ለማለት እንዲቀልሽ

ብርቅዬ መልስ ስትጠብቅ ቤት የምትጠርግ ሴት ናት። ላሊበላ ውስጥ፣ ወደ ነአኩቶ ለአብ ገዳም በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው የእንግዳ ማረፊያዋ ስድስት ክፍሎች አሉት። በኋላዎቹ ሁለቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ለገበያ የሚወጡ የኩልመስክ ነጋዴዎች ያድሩባቸዋል። የፊቶቹ አራቱ ግን ለፈረንጅ ተብለው የተሠሩ ናቸው፤ ፈረንጅም ከጠፋ ቆይቷል። እሷ አንሶላቸውን ታነሳለች፣ ታጥባለች፣ መልሳ ታነጥፋለች። ማንም ያልተኛበትን አንሶላ ማጠብ ምን የሚሉት ሥራ ነው ብትሉ፣ እጇ ሥራ ሲፈታ ሐሳብ ይጫወትባታል፤ ይኸው ነው።

የምትጠብቀው መልስ የአንኬን ነው። አንኬ ሆላንድ አገር ትንሽ የጉዞ ድርጅት አላት፤ በደጉ ዘመን በየገናው ሰው ይዛ ትመጣ ነበር። እንግዶቹን አልጋ አልጋቸውን ካስያዘች በኋላ ማዕድ ቤት ገብታ ከብርቅዬ ጋር ሽንኩርት የምትልጥ፣ ስሟን መጥራት አቅቷት «ቢርኪ» የምትላት፣ ሲመሽ ስለ ልጆቿ የምታጫውታት ሴት ናት። ኮሮናው መጣ፣ ጦርነቱ መጣ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ አንኬም ቀረች። የብርቅዬ ሠራተኛ አሰለች ወደ ሙጃ፣ ወደ እናቷ ቤት ተመለሰች። ጎረቤት የነበሩት አስጎብኚዎችም አንድ በአንድ ወጡ። ብርቅዬ ባል ቀብራለች፣ ልጅ አልወለደችም። ከቤቱ ጋር ብቻዋን ቀረች፤ ቤቱ ደግሞ ብዙ የሚያወራ ዓይነት አይደለም።

በዚህ መሐል ደሴ ያለችው ታላቅ እህቷ ውባንቺ አንድ ሐሳብ አመጣች። ውባንቺ የጨርቅ ሱቅ አላት፤ ልጆቿ ዐረብ አገር ናቸው። «ያንን ቤት ዝጊና ነይ፤ ሱቁን አብረን እንያዝ» አለቻት። ብርቅዬ «ላስብበት» አለች። ስሌቱ ግልጽ ነበር። አንኬ በዚህ ገና ሰው ካመጣች ቤቱ ይቆያል፤ ካላመጣች ቁልፉን አንጠልጥሎ ደሴ መግባት ነው። ቢያንስ ለራሷ የነገረችው እንዲያ ነው።

ለአንኬ መጀመሪያ የጻፈችው በነሐሴ፣ በቡሄ ሰሞን ነበር። ከእንግዶች በለቀመችው እንግሊዝኛ የአንኬን ልጆች ጤና ጠየቀች፣ የእናቷን ጤና ጠየቀች፣ የውሻውንም ሳይቀር ጠየቀች፤ ክረምቱ እንዴት እንደከረመ ተረከች፤ መጨረሻ ላይ «ለገና ትመጪ ይሆን?» የምትል አንዲት ጥያቄ ከሰላምታው ሥር ቀበረች። መልስ የለም። ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ሁለተኛውን ላከች፦ «አንኬ፣ ምነው ጠፋሽ? ረሳሽን ወይ? ምን አስቀየምንሽ? እኛ ግን አልረሳንሽም።»

በላስታ ይህ ፍቅር ነው። ጠፍቶ የከረመ ዘመዱን ሳይወቅስ ሰላም የሚል ሰው፣ እሱ ነው የሚታማው። ብርቅዬ ይህን መልእክት ልካ ልቧ ሞቆ ነበር። እንቁጣጣሽ አለፈ፤ መስቀል አለፈ፤ ጥቅምት በብርዱ አለፈ። ስልኩ ዝም አለ።

ኅዳር ሲገባ ለኢያቄም ደወለች። ኢያቄም ድሮ አስጎብኚ ነበር፤ አሁን አዲስ አበባ አንድ የጉዞ ድርጅት ውስጥ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ከውጭ ሰዎች ጋር ይጻጻፋል። የላከችውን አነበበችለት። ሳቁን ሊውጥ ሞክሮ አቃተው።

«እትዬ ብርቅዬ፣ ይህ እኮ ክስ ነው የመሠረቱባት!»

«ምኑ ነው ክሱ? ናፍቄሻለሁ ማለት አይደለም እንዴ?»

«ለኔና ለእርስዎ ነው እንጂ። እሷ 'ምን አስቀየምንሽ' የሚለውን ስታይ ወይ ይቅርታ ልትጠይቅ ነው፣ ወይ ምክንያት ልትደረድር። ሁለቱም ይከብዳል። ሰው የከበደውን መልስ ነገ እጽፋለሁ ይላል፤ ነገ ደግሞ አያልቅም። መጀመሪያ ነገር በነሐሴ ዕረፍት ላይ ናቸው፤ ሲመለሱ የሚጠብቃቸው የመልእክት ክምር ነው። ቢያንስ ከክምሩ እስክትወጣ ሁለት ሳምንት መታገሥ ነበረብዎ። ሁለተኛው ደግሞ አዲስ ነገር ይዞ ነው የሚሄድ። ጥየቃ ባዶ እጅ ይኬዳል?»

«ምን አዲስ ነገር አለኝ?»

«ሶላሩስ? ሙቅ ውሃ አስገብተው የለ? 'አሁን ሙቅ ውሃ አለን፣ ለገና ስንት ሰው ላስብ?' ማለት ነው። አንዲት ዜና፣ አንዲት ጥያቄ፣ በቃ።»

«አሁንስ? ሦስተኛ ብልክ ለማኝ አልባልም?»

«ይላኩ እንጂ። ወራት አልፈዋል፣ አሁን ቢልኩ ጥድፊያ አይመስልም። ግን የመጨረሻ መሆኑን ይንገሯት፤ አራተኛ የለም። ቅዳሜና እሑድ እንዳይሆን። ሰኞም ይለፍ፣ ማክሰኞ ጠዋት እነሱ ቢሮ ሲገቡ ይድረስ። እንዲህ ይበሏት፦ 'ክፍሎቹን ሌላ ቡድን ፈልጓቸዋል፤ እስከ ዓርብ ካልመለስሽ እንሰጣለን።' ያኔ እየሮጠች ትመልሳለች።»

«የትኛው ቡድን?»

«እ... አለ ይባላላ።»

«ኢያቄም፣ እኔ ቤት ድመቷ እንኳ ጥላኝ ሄዳለች። ሴትየዋ እውነት መስሏት 'ስጫቸው' ብትለኝ ለማን ልሰጥ ነው?»

ኢያቄም ሳቀ፤ ሥራ ላይ ነበርና ተሰናበታት። ስልኩ ሲዘጋ ቤቱ ከቅድሙ ይልቅ ጭር አለባት።

ቅዳሜ ገበያ ወጣች። ጨው የምትሸጠው ሴት ፊት ቆማ ሳለ ስልኳ ጮኸ። አንኬ መሰለቻት። የውባንቺ መልእክት ነበር። «ምነው ጨከንሽ? ሦስቴ ጠየቅሁሽ። ትመጪያለሽ ወይስ አትመጪም? እኔን እህትሽን እንዲህ ትንቂኝ?»

ብርቅዬ ስልኩን አጥፍታ ብብቷ ውስጥ ከተተችው። ጨው ሻጯ «ክፉ ወሬ ነው እንዴ?» አለቻት።

«ኧረ የእህቴ ነው።»

«ታዲያ አትመልሽላትም?»

ብርቅዬ የጨዉን ሒሳብ ከፍላ ፈቀቅ አለች። ውባንቺን ንቃት ነው? እናት ሆና ያሳደገቻትን እህቷን? ጠልታት ነው? በዚህ ዓለም ከእሷ በላይ የምትወደው ሰው የላትም። ዝም ያለችው እሺ የሚል ቃል ስለሌላት ነው፤ እምቢ ለማለት ደግሞ ፊት የላትም። የእህቷ ወቀሳ በጨመረ ቁጥር መልሱ እየራቀባት ሄደ። በመጀመሪያው ቀን በአንድ ቃል ያልቅ የነበረው ነገር አሁን ይቅርታ ይፈልጋል፣ ማብራሪያ ይፈልጋል፣ እንባ ይፈልጋል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ አንኬን ስትጠብቅ የከረመችው ለካ ለእህቷ መልስ ላለመስጠት ነበር። ደሴ እንደማትሄድ ከክረምቱ ጀምሮ ታውቃለች።

ያን ጊዜ የአንኬም ዝምታ ወለል ብሎ ታያት። አንኬ አልረሳቻትም፣ አልተቀየመቻትም። አንኬም ብብቷ ውስጥ የደበቀችው ስልክ አላት። እዚያው ገበያ መሐል፣ የበግና የሰው ግርግር እየገፋት፣ ዓይኗ እንባ ሞላ። አንድ ሰው እንደ እሷ ተጨንቆ ተቀምጧል ማለት ነው፤ ጭንቀቱ አሳዘናት፣ ትንሽም አጽናናት።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ደጅ ተቀምጣ ጻፈች። በመጀመሪያው መልእክት ላይ አያይዛ ነው የጻፈችው፣ አንኬ ነገሩን ፍለጋ እንዳትደክም። ሰላምታውን አሳጠረችው፤ ለላስታ ሰው ይህ ቀላል አይደለም፣ እግዜር ይይላት።

«አንኬ፣ ስለዚህ ገና የምጽፍልሽ ይህ የመጨረሻዬ ነው። ሰው ማምጣት የማትችይ ከሆነ 'አይሆንም' ብለሽ ብቻ ላኪልኝ። ምክንያት አያስፈልግም፣ አልቀየምሽም። ባለፈው የወቀስሁሽ መስሎሽ ከሆነ፣ በእኛ አገር የናፈቀ ሰው እንዲያ ነው የሚናገረው። ቤቱ ደኅና ነው፣ አሁን ሙቅ ውሃ አለው። ብርቅዬ።»

ላከችው። ከዚያ መጥረጊያውን አነሳች።

መልሱ በዚያው ቀን፣ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ሳታዘነብል ገባ። የመጀመሪያው ቃል «አይሆንም» ነበር።

«አይሆንም፣ ቢርኪ። መንግሥታችን ወደዚያ አትሂዱ ስለሚል ኢንሹራንሱ ለቡድን ዋስትና አይሰጥም። ይህን በነሐሴም አውቀው ነበር። 'ምን አስቀየምንሽ' ስትይኝ አለቀስሁ። ስንት ጊዜ መልስ ጀምሬ አጠፋሁት። አይሆንም የሚለውን ስለጠየቅሽኝ አመሰግንሻለሁ። የሚቀጥለውን ዓመት ጉዞ የምናወጣው በመጋቢት ነው፤ ቀደም ብለሽ በየካቲት ጻፊልኝ። ግን ተስፋ አልሰጥሽም።»

ብርቅዬ ደጋግማ አነበበችው። ይህ ገና ባዶ ነው። የሚቀጥለውም ባዶ ሊሆን ይችላል። አራቱን ክፍሎች በየተራ ከፍታ የተነጠፉትን አልጋዎች አየቻቸው፤ እያለቀሰች አየቻቸው። ከዚያ ዓይኗን በውሃ ታጥባ ወጣችና ወደ ደሴ ደወለች።

«አንቺ! በሕይወት አለሽ?» አለች ውባንቺ። «እኔ እዚህ...»

«እታለም፣ ቁጣው ይቆየን። አልመጣም።»

ብርቅዬ የበሩን መቃን ተደግፋ ቀጠለች።

«ንቄሽ አይደለም። እምቢ የምልበት ፊት አጥቼ ነው የጠፋሁብሽ። ፈረንጆቹም አይመጡም። ቤቱ ባዶ ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን የኔ ባዶ ነው፤ ጥዬው መውጣት አልቻልሁም። ቦታውን ለሌላ ሰው ስጪው፣ በኔ ምክንያት ሥራሽ አይጎዳ።»

«አብሽሪ» አለች ውባንቺ፤ ድምፅዋ እንደ ቅድሙ አይቆጣም። «ለሌላ ሰውማ ከሰጠሁት ቆየሁ። ከጥቅምት ጀምሮ የጎረቤቴ የጀውሀራ ልጅ አብራኝ ትውላለች፤ ጎበዝ ልጅ ናት።»

ብርቅዬ ግራ ገባት። «ታዲያ ቅዳሜ 'ትመጪያለሽ ወይስ አትመጪም' ብለሽ የላክሽብኝ ምንድን ነው?»

ከውባንቺ ኋላ የሱቁ በር ሲዘጋ ተሰማ፤ ከዚያ አፍንጫዋን ስትጠርግ።

«እንግዲህ እሱን ካልጠየቅሁሽ፣ በምን አሳብቤ ልጻፍልሽ?»