እንዳላማውን የማያሟግት ደብዳቤ

«ይያዙ እንጂ አያ ቢተው፣ ጨርቁን ይያዙ!» አለች ሸምሲያ፤ የአቡጀዲውን ጫፍ ሱቋ ደጅ ዋንዛ ሥር የተቀመጡት ሽማግሌ ጭን ላይ ጣል አደረገችው።

«ኧረ እኔ አቡጀዲ አልፈልግም፤ እኔ የመጣሁት ዋስ ልሆን ነው።»

«አውቃለሁ። አስካሪው እየመጣ ነው። ክንድዎን ይዘርጉና ይለኩ።»

አያ ቢተው ቀና ቢሉ እውነትም ከጣሊያን ምሽግ አንድ አስካሪ፣ ለጣሊያን ያደረ ጥቁር ወታደር፣ ጠመንጃውን አንግቶ ቁልቁል ይወርዳል። ክንዳቸውን ዘረጉ። ሌሎቹም ሁለት ሽማግሌዎች ሳይነገራቸው ጨርቁን እያገላበጡ «ይሄ ይሳሳል፣ ይሄ ይሻላል» ይባባሉ ጀመር። ያን ጊዜ፣ በጣሊያን ዘመን፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ አራት አምስት ወንድ ዋንዛ ሥር ተሰብስቦ ከታየ የሚባለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለአርበኛ ሊመክሩ ነው። ከዚያ በኋላ ማን አዳምጦህ።

አስካሪው መጥቶ ቆመ። «ምንድነው ስብሰባው?»

«ገበያ ነው ጌታዬ፤ ሦስቱም ቁምጣ ሊያሰፉ ነው» አለች ሸምሲያ።

አንድ በአንድ አያቸው። «ቶሎ ግዙና ተበተኑ። ተመልሼ እንዳላገኛችሁ» ብሎ ሄደ።

እንግዲህ ሸምሲያ ማለት ባሏ ከሞተ ወዲህ የአቡጀዲና የጨው ሱቁን ብቻዋን የያዘች ነጋዴ ናት። ሱቁ ሻጭ ስላነሰው ሁለት ሰው በተለያየ ገበያ ቀን ሞከረች። አንዱ የደምበጫው ኃይለ ሚካኤል ነው፤ እሱን ቀጠረችው። ሌላው እዚህ ሽማግሌዎቹን አስከትሎ የመጣው እንዳላማው ነው።

እንዳላማው አይሰርቅም፣ አይዋሽም፣ ሒሳብ አይሳሳትም። ግን ተሟጋች ነው። አቡጀዲ የሚለካው በክንድ ነው አይደል? ገዢ ደግሞ ብልጥ ነው፣ ከዘመዱ ሁሉ ክንደ ረጅሙን መርጦ ይዞ ይመጣል። ሌላው ነጋዴ ስቆ፣ ትንሽ ተከራክሮ፣ ጣት ታህል ጨምሮ ይሸኛል። እንዳላማው ግን እንደ ሙግት ወግ ነጠላውን አጣፍቶ ተነሣና «በላ ልበልሃ! ክንድ የሻጭ ነው የገዢ?» አለ። ምስክር ጠራ፣ ከፍትሐ ነገሥት ጠቀሰ፣ ሰውዬውን ረታው። የተረታው ሰውዬ ሄዶ ከጎረቤት ሱቅ ገዛ። ከሱ ቀጥሎ የመጣውንም ረታ። ሲመሽ እንዳላማው ያልረታው ሰው የለም፤ የአቡጀዲው ጣቃ ግን እንዳለ ነው።

ታዲያ የሱቁ ጸሐፊ ሙላት የእንቢታውን ደብዳቤ ሲጽፍ አዘነለት። አዘነለትና አሳመረው። «ሥራህን እጅግ ወደነዋል፤ ነገር ግን ዋስህ ሩቅ አገር ስለሆነ ለጊዜው ልንቀጥርህ አልቻልንም፤ ቅር እንዳይልህ» ብሎ ጻፈ። ሲያነብላት ሸምሲያም ደስ አላት። በዚህ ምክንያት ነው እንግዲህ አያ ቢተው ከቁይ በበቅሎ የመጡት።

አስካሪው ከራቀ በኋላ እንዳላማው ተነሣ።

«እሜቴ፣ ዋስህ ሩቅ ነው አላችሁኝ፤ ዋሴ ይኸው አጠገብዎ አቡጀዲ ይዞ ተቀምጧል። ለጊዜው አላችሁኝ፤ ጊዜው አለፈ። ሥራህን ወደነዋል አላችሁ፤ በጽሑፍ አለኝ። ሌላ ምን ቀረ?»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እውነቱን ነዋ፣ ምን ይባላል?

«ውድማ ላይ ያለ ጤፌን ጥዬ ነው የመጣሁት፤ ዋስነቴን ናቁት ቢሉኝ ጊዜ» አሉ አያ ቢተው።

ሸምሲያ ፊቷ ቀላ። «መልሴን ጽፌ ዛሬውኑ እልካለሁ። አሁን ስለ ፈጣሪ ብላችሁ ተበተኑልኝ፣ ሰውዬው ሳይመለስ።»

«በጽሑፍ ከሆነ እሺ» አለ እንዳላማው። በቃ፣ እሱ ያደረባት ቤት ሆነው ሊጠብቁ ሄዱ።

ሸምሲያ ወደ ውስጥ ገብታ ሙላት ላይ ዞረች። «ያንተ ማር ማር የሚል ጽሑፍ ሊያስገድለን ነበር! ጻፍ አሁን።»

«እሺ እሜቴ። እውነቱን ልጻፈው? ጠባይህ ለንግድ አይሆንም ብዬ?»

«ጻፍና ነገ ጠባዩን የሚመሰክር አንድ ደብር ሰው ይዞልህ ይምጣ።»

«ሌላው ካንተ ይሻላል ልበል?»

«‹አወዳድሩን!› ይላል። አስካሪው ዳኛ ሆኖ ይቀመጥልናል።»

«በጣም አዝነናል ብልስ?»

«‹ካዘናችሁ ቅጠሩኝ ነዋ!› ይላል።»

«ወደፊት ቦታ ሲገኝ...»

«ወደፊት የምትል ነገር እንዳታስገባ። እዚህ ዋንዛ ሥር ቁጭ ብሎ ወደፊትን ይጠብቃል።»

ሙላት ብዕሩን አስቀመጠ። «እንግዲያው ‹የለም፣ ውጣ!› ብቻ ሊሆን ነው። ውሻ ነው እንዴ?»

ሸምሲያ ብዕሩን አንሥታ መልሳ ሰጠችው። «አይደለም» አለች። «የሠራውን እናመስግነው፣ እሱ እውነት ነው። እንቢታውን አንዴ ብቻ እንበለው፣ ጥርት አድርገን። ምክንያት አንጽፍም። ዋሱን ግን ሐሰት ተናግረን ነው ያመጣናቸው። እሱን ይቅርታ እንጠይቅ።»

የተጻፈው ይኸው ነው፦

«ለእንዳላማው። መጥተህ ስለ ሠራህልን እናመሰግናለን። ሥራውን ለሌላ ሰው ሰጥተናል፤ ይህ አይለወጥም። ዋስህ ምንም ጉድለት የለባቸውም፤ ያንን መጻፋችን የእኛ ስሕተት ነው፣ ስላንገላታናቸው ይቅርታ። ለዋልክበት ቀን አሞሌ ጨው ልከናል። እግዚአብሔር መልካም እንጀራ ይስጥህ። ሸምሲያ።»

«ስትሰጠው አትቀመጥ» አለችው። «ጠላ ቢቀዱልህም አትቀመጥ። ከተቀመጥክ ሙግት ነው።»

ሙላት ወሰደው። ቆሞ ሰጠው። እንዳላማው አነበበ፣ መልሶ አነበበ። ጣቱን በየመስመሩ ላይ ሲያስሄድ ሙላት ያየዋል፤ ለሙግት የሚገባባት በር እየፈለገ ነው። የለችም።

«ምን ይላል?» አሉ አያ ቢተው።

አነበበላቸው።

«ዋስህ ጉድለት የለባቸውም አለች? ይቅርታ አለች?»

«አለች።»

«እንግዲያማ እኔ ጨረስኩ። ጤፌን ዝናብ ሳይመታብኝ» ብለው በቅሎአቸውን ሊጭኑ ወጡ። ሁለቱም ሽማግሌዎች ተከተሏቸው። ሙግት ሳይጀመር አለቀ።

ሙላት ተገላግያለሁ ብሎ ሲመለስ እንዳላማው ከኋላው ደረሰበት። ብቻውን ነው። ነጠላውን አላጣፋም።

«ወንድሜ ሙላት፣ አልሟገትም፤ ማርያምን! ሉማሜ አንድ ነጋዴ ሰው ይፈልጋል አሉ፣ ነገ እሄዳለሁ። ከእናቴ በቀር ሰው የለኝም፣ እሷም የኔን እጅ ነው የምታየው። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ምኔን ነው ያልወደዳችሁት? እዚያ ሄጄ እንዳልደግመው ነው።»

ሙላት መልሱን ያውቀዋል። አጭር ነው፤ ሰውን ሁሉ ትረታለህ፣ የተረታ ሰው ደግሞ አይገዛም። ግን ያንን ቢለው፣ እንዳላማው «ማንን ረታሁ? ያለ አግባብ ነው የረታሁት?» ቢልስ? ሽማግሌዎቹ ገና ከከተማው አልወጡም፤ አስካሪውም እመለሳለሁ ብሏል። ዝም ቢለው ደግሞ ሉማሜም ሄዶ ገዢውን ሁሉ ሲረታ ይውልና ማታ ሌላ ደብዳቤ ይቀበላል።

እንዳላማው መንገዱ መሐል ቆሞ ይጠብቃል። እናንተ ሙላትን ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር?