ቀጥ ያለው አጥንት

የትግል አሰልጣኙ ኡስታድ ሜራጅ ዲን ወደ እኛ ሆስፒታል የመጡት ለራጅ ብቻ ነበር። ለሕክምና ቢሆን ኖሮ አይመጡም። በከተማችን በጉጅራንዋላ ዙሪያ የትግል ስፖርተኛ አጥንቱ ሲሰበር መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ትግል አሰልጣኙ ነው፤ አሰልጣኙ ይጎትታል፣ ያስተካክላል፣ በቀርከሃ ያስራል። ወደ እኔ የሚደርሱት ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው። ስንት ዓመት ስጮህ ኖሬ አሁን መጮኹንም ትቻለሁ።

«ፎቶ ብቻ አንሺልን ዶክተር ልጄ» አሉኝ። ሰባ ዓመት ሳይሞላቸው አይቀርም፤ ግን ትከሻቸው በሩን ሞልቶታል። «ይሄን አጥንት እንዴት አድርጌ እንደገጠምኩት ለሚያሙኝ ምላሳሞች ላሳያቸው ነው።»

አልጋው ላይ የተኛው ደቀ መዝሙራቸው ዋጃሃት ነው። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ትናንት ከሰዓት ልምምድ ላይ አንድ ክብደቱ የበዛ ልጅ ቅልጥሙ ላይ ወደቀበትና ሰበረው። ግራ እግሩ ከጉልበት በታች በተሰነጠቀ ቀርከሃ፣ በዱቄትና በእንቁላል በተለወሰ ጨርቅ ተጠፍሮ ታስሯል። እሱ ጣሪያውን እያየ ተኝቷል። ፊቱ ላይ ላብ አለ፤ ክፍሉ ግን አይሞቅም።

ራጁን አየሁት። እውነቱን ልናገር፣ አጥንቱ እንደ መስመር ቀጥ ብሏል። እኔ ራሴ ከዚያ በተሻለ አልገጥመውም ነበር። ኡስታድ ፎቶውን ወደ መስኮቱ አንስተው «አየሽ? አየሽ አይደል?» ይላሉ፤ ሲስተር ሱራያን ጠርተው እሷንም አሳዩ።

«አየሁ፤ ጎበዝ ነዎት» አልኩና ዓይኔን ወደ ጣቶቹ መለስኩ። የእግሩ ጣቶች አብጠዋል። «ዋጃሃት፣ ያምሃል?»

ኡስታድን አየ። «የለም፣ ደህና ነኝ።»

«የእግርህን አውራ ጣት ወደ ላይ አንሳው እስቲ።»

አልተነሳም። በአውራ ጣቱና በሁለተኛው መካከል ያለችውን ትንሽ ቦታ በጥጥ ነካካሁ። «ይሰማሃል?» ስለው «በሩቁ» አለኝ። እዚያች ቦታ የሚሄደው ነርቭ የሚያልፈው በቅልጥም ፊት ለፊት ባለው የጡንቻ ክፍል ነው። እሱ ሲደነዝዝ ክፍሉ ውስጥ ነገር አለ ማለት ነው።

«ሱራያ፣ መቀስ» አልኩ።

ኡስታድ እጃቸውን ማሰሪያው ላይ ጣሉ። «ምን ልታደርጊ ነው? ሊፈርስ ነው እኮ! ልጁ አላመመኝም እያለሽ!» ጎንበስ ብለው የእግሩን ጀርባ በሁለት ጣት ዳሰሱ። «ነይ ንኪው። ደሙ እንደ ፈረስ ይሮጣል። ደም እየደረሰ እግር ይሞታል?»

ነካሁት። የደም ሥሩ በደንብ ይመታል። የሚያሳስተውም ይሄ ነው። በቅልጥም ውስጥ አራት የጡንቻ ክፍሎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው የማይለጠጥ ነጭ ሽፋን ለብሰዋል። አጥንት ሲሰበር ውስጡ ይደማል፣ ያብጣል፤ ሽፋኑ ግን አይሰፋም። ጡንቻውን የሚያበሉት ቀጫጭን የደም መንገዶች ታፍነው ይዘጋሉ፤ ትልቁ ደም ሥር ግን ግፊቱ ስለሚበልጥ ይመታል። እሱ እስኪቆም የጠበቀ ሰው የሚያገኘው ሬሳ ነው። ይሄን ሁሉ አስረዳኋቸው። ድምፄ የዜና አንባቢ ይመስላል። እኔው ራሴን እየሰማሁት ነበር።

«ካልፈታሁት እግሩን እቆርጠዋለሁ» አልኳቸው መጨረሻ ላይ። እጃቸውን አነሱ።

ቀርከሃውንም ጨርቁንም እስከ ቆዳው ድረስ ቆርጬ አወጣሁት። እግሩ ያብረቀርቃል። ባቱን ስጫነው ጠረጴዛ የነካሁ መሰለኝ። ሱራያ ልማዷ ነውና ከእግሩ ሥር ትራስ ልታደርግለት ስትል «ተይ፣ በልቡ ትክክል ይሁን፤ ከፍ ካለ ደሙ ጭራሽ አይደርሰውም» አልኳት።

አሁን አንድ ነገር ማወቅ ነበረብኝ፤ ሕመሙ ከመቼ ጀምሮ ነው? ጥቂት ሰዓት ከሆነው ሽፋኑን እቀድዳለሁ፣ እግሩም ይድናል። ትናንት ማታውኑ ከጀመረ ግን ጡንቻው ሞቷል፤ የሞተን ጡንቻ ከከፈትኩት ይመረቅዛል፣ እግሩንም ሕይወቱንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። መክፈትና አለመክፈት በእሱ አንደበት ላይ ተንጠልጥሏል። እሱ ደግሞ ኡስታዱ ፊት አላመመኝም ከማለት ውጭ ሌላ መልስ አያውቅም። የእነሱ ነገር ይሄ ነው። ትግል ሜዳው ላይ ጥፍሩ ቢነቀል «እ» ያለ ልጅ በማግስቱ የሜዳውን አፈር ሲቆፍር ይውላል እንጂ አይታገልም።

«ኡስታድ» አልኳቸው፣ «ደም ያስፈልገናል። ከልጆችዎ ብርቱ ብርቱውን ይዘው ደም ባንክ ይሂዱልኝ።»

ይሄን ሲሰሙ ደረታቸው ተነፋ። «ደም? የእኔ ልጆች ደም ሞልቷቸዋል!» ብለው ወጡ።

በሩ እንደተዘጋ የዋጃሃትን የእግር አውራ ጣት ያዝኩና ቀስ አድርጌ ወደ ታች ጎተትኩት።

ጩኸቱ ኮሪደሩ ላይ ያሉትን አስነሳ። ሱራያ «ያ አላህ!» ብላ ትራሱን ጣለችው። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ ምን ላድርግ፣ ደስ አለኝ። የሞተ ጡንቻ አይጮህም።

«ለኡስታድ እንዳይነግሯቸው» አለኝ እያለከለከ። «ዶክተር እህቴ፣ በእናትዎ እንዳይነግሯቸው።»

«አልነግራቸውም። አንተ ግን እውነቱን ንገረኝ። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ማታ ሕመም ነበር፤ ግን የስብራት ሕመም ነው፣ አውቀዋለሁ። ጠዋት ከሶላት በኋላ ኡስታድ መጥተው ማሰሪያው ላልቷል ብለው አጠበቁት። ከዚያ ነው...» ጥርሱን ነከሰ። «ከዚያ ሌላ ሕመም መጣ። አጥንቱ አይደለም። ሥጋው ነው። ሊፈነዳ ነው የሚመስለው። የሰጡኝን ኪኒን ዋጥኩ፣ ምንም አላደረገልኝም። ከቀትር በኋላ ደግሞ ጣቴ ጠፋብኝ።»

«ለምን አልነገርካቸውም?»

እንደ ሞኝ አየኝ። 

ያለን ጊዜ ጠባብ ነው፤ ግን አለ። ያም ሆኖ በልጁ ቃል ብቻ አልወሰንኩም። የጡንቻ ክፍልን ግፊት ለመለካት ተብሎ የተሠራ መሣሪያ የለንም፤ ከጽኑ ሕሙማን ክፍል የደም ግፊት መለኪያውን ሞኒተር አስመጣሁ። ቱቦውን በጨው ውሃ ሞላሁ፣ አረፋውን አስወጣሁ፣ መለኪያውን በእግሩ ትክክል አድርጌ ዜሮ ላይ አቆምኩት። መርፌውን ከስብራቱ አጠገብ ፊት ለፊት ባለው ክፍል አስገባሁ። አምሳ ሁለት። ከኋላ ጥልቁ ክፍል ውስጥ አርባ ስድስት። የታችኛው የደም ግፊቱ ሰባ አራት ነው። ከእሱ ላይ የክፍሉን ግፊት ስትቀንስ ከሠላሳ በላይ ካልተረፈ ጡንቻው ደም አያገኝም። ለዋጃሃት የተረፈው ሃያ ሁለት ነበር።

«የፈቃድ ወረቀቱን ፈርም» አልኩት።

«ኡስታድ ይፍቀዱ።»

«እግሩ የማነው?» አልኩት። ይሄን ስል ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፤ ሱራያ ዞር ብላ አየችኝ። ዋጃሃት ወደ በሩ አየ። ከዚያ እስክሪብቶውን ተቀበለኝ።

ማደንዘዣው እንደያዘው በቅልጥሙ ውጪ በኩል፣ በሁለቱ አጥንቶች መካከል፣ ቆዳውን በረጅሙ ቀደድኩ። ለቆዳው የሚሳሱ ሐኪሞች አሉ፤ በትንሽ ቀዳዳ ገብተው ቆዳው ራሱ እንደ ማሰሪያ ሲያንቅ ያያሉ። እኔ አልሳሳም። ሁለቱን ክፍሎች የሚለየውን ግድግዳ ፈልጌ አገኘሁና የፊተኛውን ሽፋን ከእሱ ፊት፣ የጎኑን ከእሱ ኋላ፣ በመቀስ ከላይ እስከ ታች ከፈትኩ። ወደ ታች ስወርድ ከሽፋኑ ሥር የምትወጣዋን ነርቭ እንዳልቆርጣት ተጠነቀቅኩ። ሽፋኑ ሲቀደድ ጡንቻው ተንደርድሮ ወጣ፤ ሊጥ ከዕቃው ገንፍሎ እንደሚወጣው። ቀጥሎ በውስጥ በኩል፣ ከቅልጥሙ አጥንት ጠርዝ ሁለት ጣት ያህል ወደ ኋላ ገባ ብዬ፣ ትልቁን የቆዳ ደም ሥር ወደ ጎን ገፍቼ፣ የባቱን ክፍል ከፈትኩ። ከዚያ ባቱን ከአጥንቱ አላቅቄ ጥልቁን ክፍል። ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው።

አራቱም ተከፈቱ። ሦስቱ ቀይ ናቸው፣ ሲነኩ ይኮማተራሉ፣ ሲቆረጡ ይደማሉ። የፊተኛው ግን መካከሉ ላይ ግራጫ ሆኗል። ቆነጠጥኩት። አልተንቀሳቀሰም። ሱራያ ዓይን ዓይኔን አየችኝ፤ እኔም አየኋት።  ምንም አልተሰማኝም፤ ሥራዬን ቀጠልኩ። አጥንቱን ከቆዳው ውጪ በሚታሰር ብረት አጸናሁት፣ ቁስሎቹን ሳልሰፋ ክፍት ትቼ በእርጥብ ጨርቅ ሸፈንኳቸው።

ከሁለት ቀን በኋላ እንደገና ከፍቼ አየሁ። ግራጫው ወደ ሕይወት አልተመለሰም። የሞተውን ቆርጬ አወጣሁ። ቁስሉ ንጹሕ ሆኖ ቆየ፣ ከጭኑ ቆዳ ወስጄ ሸፈንኩት። እግሩ ተረፈ። ይራመዳል። ግን የእግሩን ፊት ወደ ላይ የሚያነሳው ጡንቻ አብዛኛው የለም፤ የእግሩ መዳፍ ይንጠለጠላል፣ ሲራመድ ጫማው ውስጥ ድጋፍ ያስፈልገዋል። አይታገልም።

ይሄን የነገርኳቸው ፋሻ በምቀይርበት ቀን ነው። ኡስታድ ከአልጋው እግርጌ ቆመው ነበር፤ ያን ሁሉ ቀን አንድም ቀን አልቀሩም፣ ሾርባውን በእጃቸው ነበር የሚያጠጡት። መቼ ወደ ሜዳ እንደሚመለስ ጠየቁኝ።

«አይመለስም ኡስታድ።»

«አጥንቱ ቀጥ ብሏል እኮ። አንቺው ነሽ ጎበዝ ያልሽኝ።»

«ቀጥ ብሏል። የሞተው ሥጋው ነው።»

«በእኔ ማሰሪያ ነው?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እሳት እተፋ ነበር። «ስብራት ብቻውንም ያደርገዋል» አልኳቸው። «ማሰሪያው ግን አባሰው። በተለይ የጠዋቱ።»

የአልጋውን ብረት ተደገፉ። «ቢያመው ይነግረኝ ነበር» አሉ ለእኔ ሳይሆን ለፋሻው። «ከስድስት ዓመቱ ያሳደግሁት ልጅ ነው። ይነግረኝ ነበር። ነግሮኝ ቢሆን ወዲያው እፈታው ነበር።»

ዋጃሃት ጣሪያውን ማየቱን ተወ። ከመጣ ጀምሮ ኡስታዱን ፊት ለፊት ሲያይ የመጀመሪያ ጊዜው ይመስለኛል። ድምፁ ቁጣ የለበትም፤ ማወቅ ብቻ ነው የፈለገው።

«እውነት ኡስታድ? ያን ጠዋት አመመኝ ብልዎት ኖሮ ይፈቱት ነበር?»

ሽማግሌው የአልጋውን ብረት ለቀቁ። እኔ ፋሻውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ውሸት መናገር ይችሉ ነበር፤ እኔም እንዲዋሹ ፈልጌ ነበር፣ ለሁለቱም ስል።

«አልፈታውም ነበር ልጄ» አሉ። «ታገሥ እልህ ነበር።»