የጋሽ ሰከንድ ሰዓት ደረሰ

አክስቴ ውሳኔዋን የነገረችኝ ሽንኩርት እየከተፈች ስለነበር፣ ዕንባዋን በኔ ምክንያት ነው ብዬ ልጽናና አልቻልኩም።

"ሰውዬው ዛሬ ፎቶውን ከወደደው ክፍሉ ያንተ ነው" አለች። "ካልወደደው ግን ነገ ጸጉር ሠሪዋ ትገባበታለች። እስከ መቼ ነው እሷን፣ የባሌን እህት፣ 'ቆይ፣ ልጁ እያሰበ ነው' የምላት?"

ልጁ እኔ ነኝ። ማሰቤም እውነት ነው። ሩቅ አገር ሄጄ ብርሃን እንዴት እንደሚነጥርና እንደሚታጠፍ ተምሬ ተመለስኩ፤ የአክስቴን የመንገድ ዳር ክፍልም ስቱዲዮ አደረግሁት። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩን ሰው ጉርድ ፎቶ እያነሳሁ "ጆሮዎ ይታይ" ስል እውላለሁ። እዚያ ሳለሁ እዚህ ያምረኝ ነበር፤ እዚህ ስመጣ እዚያ አማረኝ። ይህን ክፍል ካጣሁ ግን የሚያምረኝ ቦታ ሁሉ ያልቅብኛል።

የመጀመሪያው ደህና ሥራ የመጣው ከጋሽ ሰከንድ ነው። ጋሽ ሰከንድ ከኛ ትንሽ ወረድ ብለው ሰዓትና መነጽር ይሸጣሉ። ስሙ የወጣላቸው "አንድ ሰከንድ" ብለው ከሄዱ በዚያው ስለሚቀሩ ነው። ለሱቃቸው ግድግዳ ትልቅ ፖስተር ፈለጉ፤ ጥቁር ፊት ያለው የእጅ ሰዓት፣ ከፊቱ መነጽር ተቀምጦ፣ የሰዓቱ ቁጥሮች በመነጽሩ ውስጥ ጥርት ብለው የሚነበቡበት። ሐሳቡ ቆንጆ ነው። ችግሩ መስታወቱ ነው።

መስታወት ሐሜተኛ ነው፤ ፊት ለፊቱ ያገኘውን ሁሉ ያወራል። የዚህ ሰዓት መስታወት ደግሞ እንደ ሆድ ነፋ ያለ ስለሆነ ከየአቅጣጫው ይለቃቅማል። ጣሪያውን፣ መስኮቱን፣ አክስቴ ሮዝ ያስቀባችውን ግድግዳ፣ እኔንና ካሜራዬን ሰብስቦ ቁጥሮቹ ላይ ያነጥፋል። የመነጽሩ መስታወትም ከሱ አያንስም።

የመጀመሪያውን ፎቶ ጋሽ ሰከንድ ኮምፒውተሩ ላይ አስፍተው ተመለከቱ።

"ስድስት ቁጥር ላይ የተቀመጠው ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"በሰዓቴ ውስጥ ምን ትሠራለህ? ውጣ!"

ወጣሁ። ካሜራው ፊት ትልቅ ጥቁር ካርቶን አቁሜ፣ በመሐሉ በበሳሁት ቀዳዳ ብቻ አነሳሁ። መስታወቱ አሁን የሚያየው ጥቁር ብቻ ስለሆነ የሚያወራው አጣ፤ ቁጥሮቹ ወለል ብለው ታዩ። ደስ ብሎኝ ወሰድኩላቸው።

"መስታወቱስ?" አሉ።

"አለ።"

"የታለ? ደንበኛዬ ጣቱን ሊከትበት እኮ ነው! ሰዓትና ደቂቃ ቆጣሪዎቹስ የት ሄዱ?"

እውነት ነው። የተወለወሉት ቆጣሪዎችም ጥቁሩን ካርቶን አይተው ጠቁረዋል፤ ጥቁር ፊት ላይ ጥቁር ቆጣሪ። ሰዓቱ ስንት ሰዓት እንደሆነ ራሱም አያውቅም።

"ልጄ" አሉ ጋሽ ሰከንድ በትዕግሥት፣ "እኔ የምፈልገው እንዲያብረቀርቅ ነው። ግን እንዳያብረቀርቅ።"

ሳቄ መጣ፤ ግን የሙያው ነገር በሙሉ እዚያች ዓረፍተ ነገር ውስጥ አለ። መሐሉ ላይ ጥቁር ይንጸባረቅ፣ ቁጥሩ እንዲነበብ። ጠርዙ ላይ ስስ ብርሃን ይረፍ፣ መስታወት መኖሩ እንዲታወቅ። የቆጣሪዎቹ ጎን ዘንበል ያለ ስለሆነ፣ እነሱ ብርሃናቸውን ከጎን ያግኙ። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ማወቅና በአንድ ጠባብ ሮዝ ክፍል ውስጥ ማድረግ ግን ይለያያል። ከጎን ነጭ ወረቀት ባቆም፣ መስታወቱ የወረቀቱን አራት ማዕዘን ቁልጭ አድርጎ አሳየኝ፤ ሰዓቱ ላይ ፖስታ የወደቀ ይመስላል።

ያነሳሁት ሰዓት ጭረት ስለተገኘበት፣ ጋሽ ሰከንድ ሌላ አዲስ አዘዙ። እሱ ዛሬ ጠዋት መጣ። ወዲያው ለማውቀው ጨርቅ ነጋዴ ደወልኩ። ወደ ማድ ቤት የሚያስገባው በር ክፍት ነበር።

"የጋሽ ሰከንድ ሰዓት ደረሰ" አልኩት። "አዎ፣ ዛሬ ጠዋት። አሁን ቆሟል። ራሴ ነኝ ያቆምኩት።"

ቆጣሪዎቹ እንዳይንቀሳቀሱብኝ የሰዓቱን የጎን ቁልፍ መሳቤ ነው።

"ፊቱን ጠራርጌ ጠረጴዛው ላይ አጋድሜዋለሁ። የቀረኝ ጥቁር ጨርቅ ነው። ቶሎ በል፣ ከሰዓት በኋላ መጨረስ አለብን።"

ከግድግዳው ማዶ የአክስቴ ቢላዋ ቆመ። ሽንኩርቱ አለቀ ብዬ አሰብኩ።

መስታወቱ እኔንም እንዳያወራ ጥቁር ሸሚዝ፣ ጥቁር ሱሪና ጥቁር ጓንት ለብሼ ውኃ ልጠጣ ወደ ማድ ቤት ገባሁ። አክስቴ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

"እዚህ ነው ያለው?" አለች በሹክሹክታ።

"ጠረጴዛው ላይ።"

"በኔ ቤት!"

"ታዲያ የት ልውሰደው፣ እትዬ?"

"ልየው?"

"አሁን አትግቢ፣ አቧራ ታስነሺብኛለሽ።"

"አቧራ!" አለች። "ሰው እንዲህ በአንድ ጊዜ አቧራ ይሁን!" እጇን ራሷ ላይ ጭና በጓሮ በር ወጣች። አክስቴ ሁልጊዜም ነገር ታካብዳለች፤ ብዙም አልገረመኝም።

ጨርቁ ሳይመጣ ልቅሶ መጣ።

መጀመሪያ ድምፁን ሰማሁ፤ ቀጥሎ በሩ ተበረገደና ከላይ እስከ ታች ጥቁር የለበሱ የሰፈር ሴቶች ክፍሉን ሞሉት። ከፊት አክስቴ፣ ከኋላዋ መነጽር የምታደርገው ልብስ ሰፊ፣ ከሷ ቀጥሎ ጸጉር ሠሪዋ።

"ምነው ሰከንዴ!" አለች ልብስ ሰፊዋ ደረቷን እየመታች። "አንድ ሰከንድ ብለህ ሄደህ በዚያው ትቀር!"

"ወይኔ ወንድሜ!" አለች ጸጉር ሠሪዋ፤ ዓይኗ ግን ግድግዳውን ይለካል። "ወይኔ! ይሄ ግድግዳ ስንት መስታወት ይይዛል!"

ሊያዩት ጠረጴዛውን ከበው ጎንበስ አሉ። አንድ ሰዓትና አንድ መነጽር አገኙ።

"ሬሳው የታለ?" አለች አክስቴ።

መልስ ልሰጣት ስል ዓይኔ ከካሜራው ጋር በተያያዘው ኮምፒውተር ላይ ወደቀ። ጣሪያው ጠፍቷል። መስኮቱ ጠፍቷል። ሮዙ ግድግዳ ጠፍቷል። የጥቁር ትከሻዎች ክበብ ሁሉን ጋርዶ፣ ቁጥሮቹ በመነጽሩ ውስጥ አንድ በአንድ ይነበባሉ።

"ማንም እንዳይንቀሳቀስ!" ብዬ ጮህኩ።

ደነገጡና ቀጥ አሉ። የልቅሶ ሥርዓት ነው ብለው ይሆናል።

በዚህ መሐል ፎቶውን ሊያዩ የመጡት ጋሽ ሰከንድ በሩ ላይ ቆሙ። ከራስ እስከ እግር ነጭ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ቀይ ከረባት አስረው ነበር። ጸጉር ሠሪዋ ጮኸች። ልብስ ሰፊዋ አፏን ያዘች።

"ማን ሞቶ ነው?" አሉ ጋሽ ሰከንድ ኮፍያቸውን እያወለቁ።

"አንተ!" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"እኔ? መቼ?"

"ጠዋት ነው አሉ።"

"ታዲያ ለምን አልተነገረኝም?"

አክስቴ ወደኔ ዞረች፤ ዓይኗ ውስጥ ጸጉር ማድረቂያ ሲገባና የካሜራዬ ማቆሚያ ሲወጣ ታየኝ። "አንተ አይደለህ እንዴ ሰዓቱ ደረሰ ያልከው? አጋድሜዋለሁ ያልከው?"

"የእጅ ሰዓቱን ነው፣ እትዬ! የእጅ ሰዓቱን!"

ሁሉም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመሩ። እኔ ግን አልሰማኋቸውም። ጋሽ ሰከንድ ራሳቸውን እየዳሰሱ ወደ ጠረጴዛው ጎን ሲጠጉ፣ በሰዓቱ መስታወት ጠርዝ ላይ ስስ ነጭ ጨረቃ ወጣች። ቆጣሪዎቹም ጎናቸው በራ።

"ጋሽ ሰከንድ፣ እዚያው ይቁሙ! ትንሽ ወደ ግራ!"

"ልጄ፣ እኔ እኮ አሁን ነው ከሞት—"

"ከረባቱን ያውልቁልኝ፤ አሥራ ሁለት ቁጥር ላይ ቀይ መስመር ሆኗል።"

አወለቁ። መብራቱን ከሰዓቱ አዙሬ ሆዳቸው ላይ ለቀቅኩት፤ ብርሃኑ ከነጩ ልብስ ነጥሮ ለስልሶ ወደ ሰዓቱ ተመለሰ። ጋሽ ሰከንድ እንደ ማንኛውም ካሜራ ፊት እንደቆመ ሰው ሆዳቸውን ሳብ አደረጉ፤ ጨረቃዋ ቀጠነችና ጠፋች።

"ሆድዎን ይልቀቁት!"

"በሰው ፊት?"

"ይልቀቁት፣ ጋሽዬ! ወረቀት ጠርዝ አለው፤ የርስዎ ሆድ የለውም። ከነጭ ወደ ጥቁር ቀስ እያለ የሚሄደው ክብ ስለሆነ ነው።"

እያዘኑ ለቀቁት። ጨረቃዋ ተመለሰች፤ አንደኛው ጎኗ ደማቅ፣ ሌላው እየደበዘዘ የሚቀልጥ። በመነጽሩ ላይም የላይኛውን ጠርዝ ተከትላ አንድ ቀጭን መስመር ተዘረጋች፤ ቁጥር አልነካችም።

"ትከሻ ዝቅ! ልብስ ሰፊዋ፣ መነጽርሽን ወደ ታች፣ እሱም እየገባብኝ ነው። ትንፋሽ ያዙ!"

"ሟቹም?" አሉ ጋሽ ሰከንድ።

"በተለይ ሟቹ!"

አነሳሁ። ደገምኩ። ሦስተኛው ላይ አንዲት ሴት ሳቋ አመለጣት፤ ጥቁሩ ክበብ እንደ ጄሊ ተንቀጠቀጠና ጣሪያው ወደ ሰዓቱ ተመለሰ። ግን ጨርሼ ነበር።

ጋሽ ሰከንድ ፎቶውን አስፍተው ከዳር እስከ ዳር መረመሩት። አክስቴ እጆቿን አጣምራ ትጠብቃለች፤ ጸጉር ሠሪዋም።

"ቁጥሩ ይነበባል" አሉ። "ስንት ሰዓት እንደሆነም ይታወቃል። መስታወት አለው…" ጣታቸውን ጨረቃዋ ላይ አሳረፉ። "ይቺ ናት እኔ?"

"ሆድዎ ነው።"

"ሐኪሜ ቀንሰው ይለኛል" አሉ በኩራት። "ይህን ለማተሚያ ቤቱ ላክልኝ፣ ልጄ። ሌሎቹንም ሰዓቶች አመጣልሃለሁ። አንድ ሰከንድ—" ብለው ወደ በሩ ሲያመሩ ሴቶቹ በአንድ ድምፅ "አይሆንም!" ብለው ወንበር ላይ አስቀመጧቸው።

አክስቴ ጉሮሮዋን ጠረገች። "እንግዲህ ቃል ቃል ነው። ክፍሉ የልጁ ነው።"

"ቆይ እንጂ!" አለች ጸጉር ሠሪዋ። "ሥራዬን ትቼ ነው ያለቀስኩት! የኔ ትከሻ ባይኖር ያ መስኮት የት ይደበቅ ነበር? አንድ ወንበር፣ ጥጉ ላይ፣ አንዲት ወንበር ብቻ!"

አክስቴ ወደኔ ተመለከተች። እኔ ወደ ጥጉ ተመለከትኩ። እዚያ ወንበር ቢቆም ሰዓቱ ምን እንደሚያወራ አሰላሁ። ልብስ ሰፊዋ በበኩሏ፣ ከለበስኩ አይቀር ፎቶ አንሳኝ ብላ ካሜራው ፊት ተቀምጣለች፤ መነጽሯ ሁለት ነጭ ሳንቲም ሆኖ ዓይኗ አይታይም። ጸጉር ሠሪዋ ሳትጠየቅ ሄዳ የተበታተነ ጸጉሯን ወደ ኋላ ሰበሰበችላት። እኔም የመነጽሯን እጀታዎች ከጆሮዋ በላይ በጥቂቱ ከፍ አደረግኩ። መስታወቱ ወደ ታች ዘንበል ሲል ሳንቲሞቹ ጠፉ፤ ከኋላቸው ደስ የሚሉ፣ በሳቅ የረጠቡ ዓይኖች ወጡ። ጸጉሯም አምሮባታል።

"ወንበሩ ጥቁር ከሆነ ይግባ" አልኩ።

"መስታወቴስ?" አለች ጸጉር ሠሪዋ።

"መስታወት አይገባም።"

"ጸጉር ሠሪ ያለ መስታወት! ደንበኞቼ በምን ይዩ?"

"አንቺን ይመኑ።"

"እኔን አያምኑኝም፣ ችግሩ እሱ ነው!"

ስንከራከር ቆየን። በመጨረሻ መስታወቱ እንዲገባ፣ እኔ ስሠራ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዲያዞር ተስማማን።