የጠዋት አንድ ሰዓት መጋረጃ

«እትዬ፣ እርስዎ እባክዎ ወደ በሩ ጠጋ ይበሉልን። ይሄ ወንበር ለቤተ ዘመድ ነው።»

ለቀስተኛ የሚያስቀምጠው የቤቱ ሰው እንዲህ ሲላት ልብስ ሰፊዋ ተነሣች። ወንበሩን የወሰደችው የሟቹ የአጎት ልጅ ናት፤ ዐሥር ዓመት ሙሉ የዚህን ቤት ደጃፍ ያልረገጠች፣ ሰውየው የስኳር ሕመምተኛ እንደነበረ እንኳን ትናንት የሰማች ሴት። አሁን ግን ከፎቶግራፉ ሥር ተደላድላ «ወንድሜን! ወንድሜን!» ትላለች፤ ሰው ሲገባ ድምጿን ከፍ፣ ሰው ሲወጣ ዝቅ እያደረገች። ለሐዘን ደረጃ የሚያወጣለት ማን ነው? በምን ሚዛን ተመዝኖ ነው ያቺ ከፎቶው ሥር፣ ይቺ ከበሩ ሥር የምትቀመጠው? ማንም አይጠይቅም። ጎረቤት ጎረቤት ነው፤ ሻይ ያቀርባል፣ ብርጭቆ ያጥባል።

ልብስ ሰፊዋም ትሪውን አንሥታ ሻይ ማቅረቧን ቀጠለች። ሐዘኑ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። በቀሚሷ ሥር፣ በጥቁር ክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችው የዚህ ቤት ቁልፍ ባጎነበሰች ቁጥር ደረቷን ይነካታል። አንድ ነገር ማወቅ ትፈልጋለች፣ አንድ ነገር ብቻ፤ ሟቹ ሰዓት ሠሪ ነፍሱ የወጣችው በስንት ሰዓት ነው? ሐኪሙ ሲመጣ እሷን ከክፍሉ አስወጥተዋት ነበር። የሰማችው የሟቹ ልጅ፣ የትምህርት ቤት ዳይሬክተሯ፣ ብቻ ናት። ጎረቤት ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አይጠይቅም። ምን አገባው?

ሁለቱ ቤቶች በጠባብ መንገድ ፊት ለፊት የተፋጠጡ ናቸው። የእሷ ባል ከሞተ ስድስት ዓመቱ፣ የሰዓት ሠሪው ሚስት ከሞተች አራት ዓመቷ። ያኔም ይህ ቤት እንዲሁ በሰው ተሞልቶ ነበር፤ ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን የሰውየው መጋረጃ እስከ እኩለ ቀን ድረስ አልተከፈተም። ልብስ ሰፊዋ መንገዱን ተሻግራ በሩን ደበደበች። በአንድ እግሩ ብቻ ጫማ አድርጎ ከፈተላት።

«ሞቱ ብዬ ነው» አለችው።

«ገና ነኝ። ሌላውን ጫማ እየፈለግሁ ነው።»

ሳቁ። ከዚያ ደንብ አወጡ። በየቀኑ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሁለቱም መጋረጃቸውን ይከፍታሉ። ከአንድ ከሩብ ካለፈ፣ ያልከፈተው ጋ ሌላው ይሄዳል። ቁልፍ ተለዋወጡ። ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ወድቆ በሦስተኛው ቀን ሸትቶ እንዳይገኝ የተዋዋሉት ነገር ነበር፤ ሌላ ምንም አልነበረበትም።

ግን ወር ሳይሞላ ልብስ ሰፊዋ ከእንቅልፏ ግማሽ ሰዓት ቀድማ እየተነሣች ፀጉሯን ማበጠር ጀመረች። በሕይወት መኖርን ለማስታወቅ ፀጉር ማበጠር አያስፈልግም። ይህን እሷም ታውቅ ነበር።

ከስቶ የሰፋውን ሱሪውን አጠበበችለት። እሱ ደግሞ ዓይኗ ደክሞ ክር በመርፌ ማስገባት ስላቃታት፣ የሰዓት መሥሪያ አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ በየእሑዱ ለሳምንቱ በሰባት መርፌ ክር ያስገባላትና በቁራጭ ጨርቅ ላይ በተርታ ይሰካላት ነበር። ስሟንም «መርፌ» አለው፤ ለምላሷም ጭምር ነው። ቤቷ ሲገባ መጀመሪያ ግድግዳው ላይ ወዳለው የባሏ ፎቶ ዞር ይላል፦ «እንዴት አደርክ ወንድሜ፤ ሻይ ልጠጣ መጥቻለሁ።» የሚስቱን ሙት ዓመት ደግሞ እሷ ታውቃለች። ያን ቀን እስከ ማታ አትሄድበትም፤ ማታ ሄዳ አጠገቡ ትቀመጥና ስለ ሚስቱ ሲያወራ ታዳምጠዋለች። አልቀናችም። ሟቾቹን ማንም ከቦታቸው አላነሣቸውም፤ ቤቱ ውስጥ አራት ነበሩ። ሰው ፊት «እርስዎ»፣ በር ሲዘጋ «አንተ» እና «አንቺ»። አራት ዓመት ሙሉ ከዚህ ያለፈ ነገር ቢኖር እጅ ለእጅ ተያይዞ ሬዲዮ መስማት ነው። ይህን ደግሞ እንደ ሌባ ነበር የሚደብቁት! በሰባ ዓመት ሰው ላይ «አያፍሩም?» የሚል አንደበት በየቤቱ ተቀምጧልና።

ከመሞቱ በፊት በነበረው ቀን ከሰዓት በኋላ ተጣሉ።

«እሑድ ልጄ ለምሳ ትመጣለች። እነግራታለሁ» አለ።

«ምን ብለህ?»

«መርፌን ወድጃለሁ ብዬ።»

«ሰባ ስድስት ዓመትህ እኮ ነው!»

«እሱ ነዋ ያስቸኮለኝ።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ሲያስለኝ ውኃ አያቀብለኝም።»

«እንግዲያው ንገራትና መጋረጃዬን ታየዋለህ!» ብላ ጮኸችበት፤ ሁለተኛ አልከፍትልህም ማለቷ ነው። ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ።

በማግስቱ በአንድ ሰዓት መጋረጃው አልተከፈተም። አኩርፏል፣ አለች። አንድ ከሩብ ሆነ። ያኩርፍ፤ ማን ይለማመጠዋል? ሻይ አፍልታ ጠጣች። እንደ ልጃገረድ ከንፈሯን ጥላ ተቀመጠች። ሁለት ሰዓት ሲሆን ግን ቁልፉን ይዛ ተሻገረች። አልጋው ላይ ነበር። እጁ ቀዝቅዟል፤ ግን እጁ ሁልጊዜም ቀዝቃዛ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ፣ እሷ ሻይ ስትጠጣ፣ እየጠራት ነበር? ሦስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ የነሣት ይህ ነው።

በዚህ በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ሳሳ። ልብስ ሰፊዋ ማጀት ገብታ ብርጭቆ ስታጥብ ዳይሬክተሯ ተከትላት ገባች፤ ተማሪ ልትቀጣ እንደምትገባ ነው የገባችው።

«እትዬ፣ የቤቱ ቁልፍ እርስዎ ጋ ነው አሉ። ይመልሱልን።»

«እመልሳለሁ ልጄ። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሐኪሙ… በስንት ሰዓት ነው አለ?»

«ምኑ?»

«ሲሞት።»

ዳይሬክተሯ ግንባሯን ቋጠረች። «ይሄ ለእርስዎ ምን ያደርግልዎታል?»

ልብስ ሰፊዋ ብርጭቆውን አስቀመጠች። ዋሽታ መውጣት ትችል ነበር፤ አራት ዓመት ለምዳዋለች።

«በአንድ ከሩብ መምጣት ነበረብኝ። ተጣልተን ነበርና ሁለት ሰዓት ላይ መጣሁ።»

«ከአባቴ ጋር? በምን ተጣላችሁ?»

ልብስ ሰፊዋ ያስቀመጠችውን ብርጭቆ አንሥታ እንደገና ማጠብ ጀመረች። የዳይሬክተሯ ድምፅ ረገበ።

«ያን ቀን ማታ ደውሎልኝ ነበር። እሑድ የምነግርሽ ነገር አለ አለኝ። አሁን ንገረኝ ብለው፣ ፊትሽን እያየሁ ነው የምነግርሽ ብሎ ዘጋው። ሦስት ቀን ሙሉ ሳስበው ነው የማድረው። ያውቁታል?»

«አውቀዋለሁ።» ከቀሚሷ ሥር ክሩን ስባ አወጣችና ቁልፉን በእርጥብ መዳፏ ላይ ዘረጋችላት። «ሊነግርሽ የነበረው… ስለ እኔ ነው።»

ከሳሎን የአጎት ልጅ ድምፅ መጣ፦ «ወንድሜን!» አዲስ ሰው ገብቷል ማለት ነው።

ዳይሬክተሯ ቁልፉን አየች እንጂ አልነካችውም። ፊቷ ቀላ፤ የእናቷን ማጀት ዙሪያውን ቃኘች። 

«ሳይነጋ ነው» አለች በመጨረሻ። «ሐኪሙ ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ግድም ነው አለ። ተኝቶ እያለ። በአንድ ከሩብ ቢመጡም… አይደርሱም ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ ራሷን ነቀነቀች። ከኩርፊያው ጸጸት ነፃ ወጣች፤ ግን የመጨረሻ ቃሏ «መጋረጃዬን ታየዋለህ» እንደሆነ ቀረ። እሱን ማንም ሐኪም አያነሣላትም።

ዳይሬክተሯ ቁልፉን እጇ ላይ ትታላት ትሪውን አነሣች። «እኔ አቀርባለሁ። እርስዎ ገብተው ይቀመጡ።» በሩ ላይ ስትደርስ ሳትዞር፣ «ከፎቶው አጠገብ» አለች።

በማግስቱ ልብስ ሰፊዋ እንደ ወትሮዋ ግማሽ ሰዓት ቀድማ ተነሣች። በጨርቁ ላይ ክር የገባላቸው ሁለት መርፌዎች ቀርተዋል፤ አልነካቻቸውም። መስተዋቱ ፊት ቆማ ፀጉሯን ቀስ ብላ አበጠረች፣ ነጩን ከጆሮዋ ኋላ አስያዘች። አንድ ሰዓት ሲሆን መጋረጃዋን ከፈተች።