የባይሳ ጉልበትና የልጅነቱ የወንዝ ዋና

ባይሳ ጎሮ አስፋልት ዳር፣ ገና ያልተከፈተ ሱቅ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ቀኝ ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዟል። ሩጫ ከጀመረ አሥራ አንደኛ ቀኑ ነው። ክብደቱ እንደሆነ ንቅንቅ አላለም፤ ጉልበቱ ግን እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል።

ሰውየው መቶ ሃያ አንድ ኪሎ ነው። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከአውሮፕላን ሆድ ጭነት የሚያወርዱ ሰዎች አለቃ ሆኖ አሥራ አራት ዓመት ሠርቷል። ዘንድሮ ድርጅቱ አዲስ ፈተና አመጣ፦ ሃያ ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ከዚያ ሳያርፉ አራት ፎቅ መውጣት። የወደቀ አውሮፕላን ከሚቆምበት ሜዳ ተነሥቶ መጋዘን በር ላይ ወረቀት እያየ ይውላል። ባይሳ ደግሞ ከሜዳው ተለይቶ የሚኖር ሰው አይደለም። የቀረው ስምንት ሳምንት ነው።

እያነከሰ ሲገባ ሚስቱ ደሪቱ በር ላይ ጠበቀችው።

"ሐኪም ጋ ሂድ አላልኩህም? አንተ ግትር!"

"ታዲያ ተቀምጬ ልክሳ?"

"ተቀምጠህ ማን አለህ? ሳታነክስ ክሳ ነው ያልኩህ።"

በማግስቱ ሩዋንዳ ከሚባለው ሰፈር ካለች ሄርሞን ከምትባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ዘንድ ሄደ። ልጅቷ ጉልበቱን አጠፍ ዘርጋ አድርጋ አየችለት።

"ጋሼ ባይሳ፣ ሲሮጡ እግርዎ መሬት በነካ ቁጥር የሚያርፍበት ኃይል ከክብደትዎ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። በእርስዎ ኪሎ፣ በአንድ እግር ሦስት ኩንታል ገደማ በሉት።"

ባይሳ ሦስት ኩንታል ምን እንደሆነ ያውቃል።

"ሩጫ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ያንን የሚችል ጡንቻ ገና አላበጁም። ለጊዜው ውሃ ይግቡ። ደረትዎ ድረስ ከገቡ አብዛኛውን ክብደትዎን ውሃው ይሸከምልዎታል፤ ሲዋኙማ መሬት የሚመታ እግር የለም። ብቻ አሰልጣኝ ያሳይዎት።" የምትለውን ሁሉ በወረቀት ጽፋ ሰጠችው።

"ለእኔ? ጎሮ እርሻ ሳለ ከወንዝ ያልወጣሁ ልጅ ነኝ እኮ!" ብሎ ወረቀቱን ሳያነብ ኪሱ ከተተ።

እዚያው ሰፈር ያለ አንድ ሆቴል ገንዳ ገብቶ፣ እንደ ልጅነቱ እግሩን እንደ እንቁራሪት አጥፎ ወደ ጎን እየረገጠ ዋኘ። አንዱን ዙር ጨርሶ ሁለተኛው ላይ ትንፋሹ ቁርጥ አለ። ያም ሆኖ በየቀኑ ተመላለሰ። በሁለት ሳምንቱ ግን ጉልበቱ በውስጥ በኩል ይወጋው ጀመር።

በንዴት ጦፎ ሄርሞን ዘንድ ደረሰ። "ውሃ ጉልበት አይነካም ብለሽ አልነበር?"

ገንዳው ድረስ አብራው ሄዳ አንድ ዙር አስዋኘችው። ሲወጣ ራሷን ነቀነቀች።

"መሬት የሚመታ ነገር የለም አልኩ እንጂ የሚያጣምም የለም አላልኩም። እንዲህ ወደ ጎን ሲረግጡ ጉልበትዎ ውስጥ በኩል ያለው ጅማት ይሳባል። እግርዎን ዘርግተው ከዳሌዎ ያወዛውዙ። ወረቀቱ ላይ ጽፌልዎት ነበር።"

ወረቀቱ ሱሪው ውስጥ ታጥቦ ብጥስጥስ ብሏል። ባይሳ ተናደደ፤ በእሷ ሳይሆን በራሱ። በአርባ አራት ዓመቱ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ የስፖንጅ ሰሌዳ ይዞ እንደ ጀማሪ እግር ማወዛወዝ ተማረ። ጀርባው፣ ትከሻው፣ ብብቱ ሥር ያለው ሥጋ ሁሉ ታመመ፤ ጉልበቱ ግን ረጋ፣ ትንፋሹም ረዘመ።

"እንግዲህ አለፍኩ በይኝ" አላት ፈተናው አሥር ቀን ሲቀረው።

"ደረጃስ እየወጡ ነው?"

"ደረጃ?"

"ዋና ይበልጡን የሚያሠራው ትከሻና ጀርባን ነው፤ ልብና ሳንባንም ያበረታል። ደረጃ የሚያወጣዎት ግን ታፋና መቀመጫ ነው፣ ባትም ይገፋል። ያ ክብደትን ተሸክሞ ካልሆነ አይጠነክርም። በየሁለት ቀኑ እርምጃና ጥቂት ደረጃ ብዬ እሱንም ጽፌ ነበር።"

አሥር ቀን ግን ታፋ አያጠነክርም። የፈተናው ቀን እርምጃውን ላብ እንኳ ሳያጠምቀው ጨረሰ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ታፋው ተንቀጠቀጠ፤ የደረጃውን ብረት ይዞ ቆመ። ፈታኙ መውደቁን ጻፈ። ሌላ ፈተና ከሦስት ወር በኋላ፤ እስከዚያ መጋዘን በር።

በነጋታው መጋዘኑ በር ላይ ካለው ወንበር ሆኖ ሰዎቹ ጭነት ሲያወርዱ አየ። "አለቃ፣ ወንበሩ ተመቸህ?" ብሎ አንዱ ከሩቅ ጮኸበት። ባይሳ ጥርሱን ነክሶ ወደ ወረቀቱ አጎነበሰ።

ማታ ደሪቱ ጉልበቱን ዳሰሰችው። "አላበጠም።"

"ጉልበቱማ ደህና ነው! ታፋዬ ነው የከዳኝ" አለ እየጮኸ።

"ታፋ ይጠነክራል እኮ፤ ምን ያስጮህሃል?"

በነጋታው የምሳ ሰዓት ሲደርስ ከወንበሩ ተነሣ። የመጋዘኑ ደረጃ ስምንት ነው። እያጉረመረመ፣ ቀስ ብሎ ወጣ። ወረደ። ደግሞ ወጣ።