አባዬን ከነጩ ሳጥን ማውጣት

አባዬ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው፤ ራሰ በራ ሆኖ ግን አያውቅም። ጥጥ የመሰለ ሽበቱን እስከ መጨረሻው ሲያበጥር ኖሯል። ረቡዕ ጠዋት እኔ ሴት ልጁ፣ በአንድ ጠቅታ፣ ሽበቱንም ሸሚዙንም ድራሹን አጠፋሁት። ስክሪኑ ላይ የቀረው አንድ ፊት፣ ሁለት እጅ፣ አንድ ከረባትና ሱሪ ነበር።

ጥፋቱ የራሱ ነው። ዕድሜ ልኩን ፎቶ አንሺ ነበር፤ ዛሬ እኔ የምሠራበትን ስቱዲዮ ያቋቋመውም እሱ ነው። የአገሩን ሰው ሁሉ ሲያነሳ ኖሮ የራሱ ደህና ፎቶ አንድ ብቻ ነው ያለው፤ እሱንም አዲስ መብራት ሲሞክር ነው የተነሳው። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ነጭ ሽበት ተሸክሞ፣ ነጭ መጋረጃ ፊት ቆመ። ደግሞ አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጓል፣ የዓለም ባለቤት ይመስል። ሌላ ሰው እንዲህ ቢቆምበት ኖሮ ስቱዲዮውን በጩኸት ያናውጠው ነበር።

ፎቶው የተፈለገው ለታናሽ እህቴ ሠርግ ነው። ቅዳሜ ታገባለች። አዳራሹ በር ላይ ትልቅ አረንጓዴ ባነር ይሰቀላል፤ በአንድ ወገን የሙሽራው አባትና እናት ትከሻ ለትከሻ ገጥመው፣ በሌላው ወገን እናታችን።

«ብቻዬን?» አለች እማዬ ንድፉን ስታይ። «እነሱ ጥንድ ጥንድ ሆነው እኔ እንደ ዘበኛ በር ላይ ልገተር? አባትሽ ከጎኔ ካልቆመ እኔም አልቆም። አዳራሹም ውስጥ አልገባም።»

እማዬ አልገባም ካለች አትገባም። አንዴ የጎረቤታችንን ሴት «ሁለተኛ አላናግርሽም» ብላት ዘጠኝ ዓመት አላናገረቻትም። ሙሽሪት ይህን ስለምታውቅ ማልቀስ ጀመረች። አባዬን ከመጋረጃው ቆርጦ ማውጣት የእኔ ዕዳ ሆነ።

የመጀመሪያ ስህተቴ ስንፍና ነው። የፎቶ ማረሚያው ፕሮግራም ማጂክ ዋንድ የሚባለው መምረጫ ቀለም እንጂ ሰው አያውቅም፤ ነጩን መጋረጃ ስነካው ከመጋረጃው ጋር የተነካካውን ነጭ ሁሉ ሰብስቦ ወሰደ። መለስኩት። ሌየር የሚባለውን የፎቶውን ንጣፍ ከቁልፉ ፈታሁና እያንዳንዱ ፒክስል እስኪታየኝ ድረስ አቀረብኩት፤ ከዚያ በትንሽ መጥረጊያ የአባዬን ዙሪያ ጫፍ ጫፉን መጥረግ ጀመርኩ። ኮሌታውን፣ ትከሻውን፣ ሽበቱን ዘለላ በዘለላ። ወገቤ ተቆረጠ። ሰውዬው በሕይወት እያለም እንዲህ አድርጌ ተንከባክቤው አላውቅም፣ አዘንኩም፣ ተናደድኩም።

የጠፋው ቦታ ላይ ግራጫና ነጭ ካሬ ካሬ ይወጣል፤ ፕሮግራሙ «እዚህ ምንም የለም» የሚለው እንደዚያ ነው። ከሰዓት እማዬ መጥታ ከኋላዬ ቆመች።

«ምነው መታጠቢያ ቤት ውስጥ አቆምሽው?»

«እማዬ፣ ሰድር አይደለም። ባዶ ነው ማለት ነው። ሲታተም አይኖርም።»

«ባዶ ከሆነ ለምን ይታያል?»

ፒኤንጂ በሚባለው የፋይል ዓይነት ሴቭ አደረግኩት። ፒኤንጂ ባዶውን ባዶ አድርጎ ይይዛል፤ ጄፒጂ ግን ባዶ ነገር መያዝ አይችልም፣ በነጭ ይደፍነዋል። ከዚያ በስልኬ ለወንድሜ ላክሁለት፤ ማተሚያ ቤት የሚሠራው እሱ ነው። ቤተሰቡ ቶሎቶሎ ነው የሚለው። ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ የተባለው ለእሱ ይመስለኛል።

ሐሙስ ጠዋት የባነሩን ናሙና ለማየት እማዬና እኔ ማተሚያ ቤት ሄድን። ቶሎቶሎ ወረቀቱን በኩራት ዘረጋው። አረንጓዴው አምሮበታል። የሙሽራው ወላጆች ፈገግ ብለዋል። እማዬ ሐምራዊ ቀሚሷን ለብሳ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ይዛለች። አጠገቧ አባዬ፣ ትልቅ ነጭ ሳጥን ውስጥ ተገትሯል። ማቀዝቀዣ ከፍተን ያገኘነው ይመስል ነበር። የሳጥኑ ጠርዝ የእማዬን ክርን ሳይቀር በልቶታል።

እማዬ ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ሳጥን ውስጥ አንዴ ከትተነዋል» አለች። «ይበቃዋል። አውጡት።»

ማንም አልሳቀም። እኔ ወንድሜ ላይ ጮህኩ።

«ምን አደረግከው? አንድ ቀን ሙሉ የለፋሁበትን!»

«አንቺ የላክሽውን ነው ያስገባሁት!»

«እኔ የላክሁት ፒኤንጂ ነው!»

ፋይሉን ከፍቶ አሳየኝ። ስሙ መጨረሻ ላይ ጄፒጂ ይላል። ፊቴ ደም መሰለ። በስልኬ እንደ ፋይል ሳይሆን እንደ ፎቶ ነው የላክሁት፤ መላኪያው ደግሞ ፎቶ ሲባል አሳንሶ፣ ወደ ጄፒጂ ቀይሮ፣ ባዶውን በነጭ ደፍኖ ነው የሚያደርሰው። ይህንን ለደንበኛ ሁሉ በቀን አሥር ጊዜ የምለፈልፈው እኔው ነኝ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች።

«ቀላል ነው» አለ ቶሎቶሎ፣ ስሙ ላይ ጄፒጂ የሚለውን አጥፍቶ ፒኤንጂ ብሎ ጻፈ። ሳጥኑ ንቅንቅ አላለም።

«አህያን ፈረስ ብለህ ብትጠራው ይጋልባል?» አልኩት።

ስቱዲዮ ሮጬ ተመለስኩ፤ ዋናውን ፒኤንጂ በፍላሽ አመጣሁ። ወንድሜ ንድፉን ከፍቶ የቀድሞውን አባዬን አወጣ፣ አዲሱን አስገባ። ነጩ ሳጥን የለም። አረንጓዴው በሽበቱ ዙሪያ ሁሉ ገባ። ሁለታችንም እፎይ አልን። እማዬ ግን መነጽሯን አድርጋ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች።

«ብብቱ ስር የያዘው ምንድን ነው? ጋዜጣ ነው?»

ወገቡን በያዘው ክንዱና በጎኑ መካከል ሦስት ማዕዘን የሆነ ነጭ አለ። መጋረጃው ነው። ዙሪያውን ስጠርግ ሸሚዙ መስሎኝ አልፌዋለሁ። «የሠላሳ ዓመት ዓይን ነው፣ ምን ታደርጊዋለሽ» አልኩ በሆዴ፤ እሷም እኮ ስቱዲዮው ውስጥ ፎቶ ስትቆርጥ ነው ያረጀችው። ቁጭ ብዬ ያንን ጠረግኩ፣ እንደገና ፒኤንጂ አድርጌ ሴቭ አደረግኩ፣ ወንድሜ መልሶ አስገባው።

በቀዳዳው ውስጥ ሐምራዊ ነገር ብቅ አለ።

ሦስታችንም አየነው። የእማዬ ፎቶ ከአባዬ በታች ባለው ሌየር ላይ ነው። ቦርሳዋን ስትይዝ ወደ እሱ ያጠፈችው ክርን ነው በክንዱ ስር የሚታየው። ቶሎቶሎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቱ ሳይቸኩል፣ እማዬን በማውሱ ትንሽ ወደ አባዬ አስጠጋት። ክርኗ በቀዳዳው ገባ። ክንድ ለክንድ ተያያዙ።

እኔ ማልቀሴን ያወቅሁት አፍንጫዬ ሲፈስ ነው።

እማዬ መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ ከዚያ ዓይኗን ጠረገች፤ ከዚያ መነጽሯን መልሳ አደረገች።

«ሠላሳ ስድስት ዓመት» አለች። «ሠላሳ ስድስት ዓመት ካሜራውን አንጠልጥሎ ከፊቴ ከፊቴ ሲሄድ፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ ክንዴን ይዞኝ አያውቅም።»

ወንድሜ ምን እንደሚል ጠፍቶት፣ «ልመልስሽ እንዴ ወደ ቦታሽ?» አላት።

«ዞር በል!» አለችው እጁን ከማውሱ ላይ መትታ። «አሁኑኑ አትመው። አባትህ ሐሳቡን ሳይቀይር።»